ያበጠ ሲቪ፣ እውነተኛ ሥራ፦ የአንድ ቅጥር የጉዳይ ጥናት

መነሻው

አንድ ዕቃ አከፋፋይ ድርጅት የክምችት ተቆጣጣሪ ይፈልግ ነበር። ሥራው ቀላል አይደለም። በመዝገብ ያለው ቀሪና በመደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ ለምን እንደማይገናኝ ፈልጎ ማግኘትን ይጠይቃል። ቅጥሩን የማስተባብረው እኔ ነበርኩ። ከእኔ ጋር የፋይናንስ ኃላፊውና የመጋዘን ኃላፊዋ ጠያቂዎች ሆነው ተቀመጡ።

ከዚያ በፊት በዚሁ ቦታ የተቀጠረ ሰው ነበር። ሲቪው ያማረ፣ አነጋገሩም የሚያሳምን ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን ቆጠራ መርቶ የማያውቅ መሆኑ ታወቀ። የሠራው ሌሎች የቆጠሩትን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ብቻ ነበር። እሱም ተጨነቀ፣ ድርጅቱም ተጎዳ፣ መጨረሻው መለያየት ሆነ። ስለዚህ የፋይናንስ ኃላፊው በዚህኛው ቅጥር ላይ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። «ሲቪው የተጋነነ ሰው ካለ ገና ሳይጠራ እናውጣው» አለ።

እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ሲቪ ላይ ማጋነን በብዙ መልኩ ይመጣል። ያልሠራውን ሠራሁ የሚል አለ። የሠራውን ከፍ አድርጎ የሚጽፍም አለ። ለሌላ ሰው ከፍሎ ያስጻፈና የተጻፈለትን በደንብ ያላነበበም አለ። ወረቀቱን ብቻ አይቶ እነዚህን መለየት አይቻልም። መለየት የሚቻለው ስለ ሥራው ዝርዝር በመጠየቅ ነው።

ሦስቱ ሲቪዎች

ለመጨረሻው ዙር ሦስት ሰዎች ቀሩ።

የአንደኛው ሲቪ ሲያዩት የተጋነነ ይመስላል። «የክምችት ልዩነትን በ60 በመቶ ቀንሻለሁ»፣ «የአዲሱን የክምችት ሶፍትዌር ትግበራ መርቻለሁ»፣ «በኤክሴል እጅግ የላቀ ችሎታ» ይላል። የፋይናንስ ኃላፊው ሊያስወጣው የፈለገው ይህንን ነበር።

የሁለተኛው ሲቪ የተስተካከለ ነው። ቁጥር አያበዛም። የሙያውን ቃላት በቦታቸው ያስቀምጣል። ተከታታይ ቆጠራ፣ ዕቃን በደረጃ መመደብ፣ ወርኃዊ የልዩነት ሪፖርት። ሁላችንም ወደድነው።

የሦስተኛዋ ሲቪ አንድ ገጽ አይሞላም። አራት ዓመት የሠራችበትን ቦታ በአንድ መስመር ነው የገለጸችው፦ «የመጋዘን መዝገብና ቆጠራ ሥራ»። የመጋዘን ኃላፊዋ ባትከራከርላት ኖሮ ለዚህ ዙር አትደርስም ነበር።

ከመጠየቃችን በፊት የተስማማንበት

ዝርዝር መጠየቅ በቀላሉ ወደ ምርመራ ይለወጣል። ጠያቂው የጠረጠረውን ሰው ያፋጥጣል፣ የወደደውን ደግሞ በፈገግታ ያሳልፋል። ከዚያ «አጣርተናል» ይባላል። ይህ እንዳይሆን ሦስት ነገሮችን አስቀድመን ወሰንን።

የመጀመሪያው፣ ለሦስቱም አስቀድመን ነገርናቸው። በጥሪው መልእክት ላይ እንዲህ ብለን ጻፍን፦ «በሲቪዎ ላይ ካሉት ሥራዎች ሁለቱን በዝርዝር እንጠይቅዎታለን። ማስታወሻ ይዘው መምጣት ይችላሉ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትዎን ምስጢር፣ የደንበኛ ስምና ዋጋ አይንገሩን።» የፋይናንስ ኃላፊው ይህን ሲያይ «አስቀድመን ከነገርናቸው ይዘጋጁበታል» አለ። ይዘጋጁ። ሥራውን የሠራ ሰው ሲዘጋጅ ትዝታው ይመለስለታል። ያልሠራ ሰው ግን የመጀመሪያውን መልስ ቢዘጋጅበትም ሦስተኛውና አራተኛው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት የሠራውን በድንገት ተጠይቆ የረሳን ሰው ውሸታም ማለት ደግሞ ግፍ ነው።

ሁለተኛው፣ ተከታይ ጥያቄዎቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተስማማን። አራት ናቸው። በገዛ እጅዎ የሠሩት የትኛውን ነው? በምን መሣሪያ ወይም በምን ወረቀት ሠሩት? ውጤቱን በምን ለክተው አወቁት? በዚያው ጊዜ ሌላ የተለወጠ ነገር ነበር? ከእነዚህ ውጭ ማብራሪያ መጠየቅ ይቻላል፣ አዲስ ወጥመድ መፍጠር ግን አይቻልም።

ሦስተኛው፣ ነጥብ አሰጣጡን በጽሑፍ አስቀመጥን። ስለ ሥራው በጥቅሉ ብቻ ያወራ 0 ያገኛል። የመሣሪያውን ወይም የዘዴውን ስም ጠርቶ ቅደም ተከተሉን መግለጽ ያልቻለ 1። ቅደም ተከተሉን ገልጾ ቢያንስ አንድ ያጋጠመውን እክል ያስረዳ 2። ከዚህም በላይ ውጤቱ እንዴት እንደተለካና የእሱ ድርሻ እስከምን እንደሆነ የለየ 3። እያንዳንዳችን ነጥባችንን ሳንነጋገር በወረቀት እንጽፋለን። ውይይቱ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉንም በአንድ ዓይነት ጥያቄና በአንድ ዓይነት መመዘኛ መጠየቅ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የጥናቶች ግምገማ እንዲህ ያለው የተደራጀ ቃለ መጠይቅ የሰውን የወደፊት የሥራ ብቃት ከሚያመለክቱ መንገዶች ሁሉ ቀዳሚውን ቦታ መያዙን አሳይቷል።

የ60 በመቶው ታሪክ

አንደኛውን ስንጠይቀው ከ60 በመቶው ጀመርን። ሦስታችንም ባዶ ቁጥር ነው ብለን ጠብቀን ነበር።

«ልዩነት ሲሉ ምኑን ነው የለኩት?» አልነው። የዚህ ጥያቄ ክብደት ሙያውን ለማያውቅ ሰው ላይታይ ይችላል። የክምችት ልዩነት ቢያንስ በሁለት መንገድ ይለካል። አንደኛው ልዩነት የታየባቸውን የዕቃ ዓይነቶች መቁጠር ነው። ሌላኛው የጎደለውንና የተረፈውን በገንዘብ መደመር ነው። በሁለተኛው መንገድ ከአንዱ ዕቃ የ100 ብር ጎድሎ ከሌላው የ100 ብር ቢተርፍ እርስ በርስ ይጣፉና ልዩነቱ ዜሮ ይመስላል። ቁጥሩን ራሱ ያወጣ ሰው በየትኛው እንዳወጣው ሊያውቅ ይገባል።

ትንሽ አሰበና ማስታወሻውን ገለጠ። «በዕቃ ዓይነት ነው» አለ። «200 ዓይነት ዕቃ ስንቆጥር 50ው ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እነዚያኑ ስንቆጥር ያልገጠመው 20 ሆነ።»

ከ50 ወደ 20 ማለት በእርግጥም የ60 በመቶ ቅናሽ ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ሌላ ሰው ግን ይህንኑ ሥራ «የመዝገብ ትክክለኛነት ከ75 በመቶ ወደ 90 በመቶ ከፍ ብሏል» ብሎ ሊጽፈው ይችል ነበር። ያም እውነት ነው። ሲቪው የመረጠው የሚያስደምመውን አገላለጽ ነው።

ቀጥለን በእጁ ምን እንደሠራ ጠየቅነው። እዚህ ላይ ሰውየው ተለወጠ ማለት ይቻላል። ድምፁ ሁሉ ዘና አለ። አንዳንድ ዕቃዎች በመዝገብ ላይ ቀሪያቸው ከዜሮ በታች ሆኖ ይታይ እንደነበር ነገረን። «በሲስተሙ ማይነስ 20 ይላል፣ መደርደሪያው ላይ ሄጄ ስቆጥር 90 ፍሬ አለ» አለ። ምክንያቱን ያገኘው የገቢ ሰነዶችን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ ነው። ዕቃው በካርቶን ይገባል፣ በፍሬ ይወጣል። አንዱ ካርቶን 12 ፍሬ ይይዛል። 10 ካርቶን ሲገባ 120 ተብሎ መመዝገብ ሲገባው 10 ተብሎ ተመዝግቧል። 30 ፍሬ ሲወጣ መዝገቡ ማይነስ 20 ይሆናል፣ መደርደሪያው ላይ ግን 90 ይቀራል።

የመጋዘን ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ማዳመጥ ጀመረች። እንዲህ ያለውን ነገር ከመጽሐፍ አጥንቶ መናገር ይከብዳል። ያየው ሰው ነው የሚያወራው።

የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ። «በዚያ ዓመት ሌላ የተለወጠ ነገር ነበር?» ሳያመነታ መለሰ። የማይንቀሳቀሱና ያረጁ ዕቃዎች በአስተዳደሩ ውሳኔ ከመዝገብ ተሰርዘው ነበር። ከተስተካከሉት 30 ዕቃዎች የተወሰኑት የተስተካከሉት በዚህ ነው። ስንቶቹ እንደሆኑ በትክክል አላስታወሰም። «ሁሉም የእኔ ሥራ ነው ማለት አልችልም» አለ።

ይህን አራተኛ ጥያቄ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ለውጤት ከአንድ በላይ ምክንያት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ከውስጥ አይቶታል። ሰውየውን ሳያዋርዱት እውነቱን በራሱ አንደበት እንዲናገር በርም ይከፍትለታል።

«ትግበራውን መርቻለሁ»

ሁለተኛው አባባሉ ግን አልቆመም። ሶፍትዌሩን ማን መረጠው? ወደ አዲሱ ሲስተም የተሻገራችሁበትን ቀን ማን ወሰነ? አዲሱ ሲስተም የሚጀምርበት የመክፈቻ ቀሪ ላይ ክርክር ሲነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነበር? ለሦስቱም መልሱ አንድ ነበር። የፋይናንስ ክፍል ኃላፊው።

«ታዲያ የእርስዎ ሥራ የትኛው ነበር?» አልነው። የዕቃ ኮዶችን ማጽዳት ነበር። አንዱ ዕቃ በሁለትና በሦስት ስም ተመዝግቦ ይገኛል። እሱ በኤክሴል እየለየ አንድ ያደርጋቸዋል። ይህ አሰልቺ፣ ግን ትልቅ ሥራ ነው። አዲስ ሲስተም ላይ የተዘበራረቀ የዕቃ ዝርዝር ከተጫነ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሪፖርት ሁሉ ይበላሻል። ሰውየው እውነተኛ ሥራውን ደብቆ ያልሠራውን ማዕረግ ጽፏል።

ለምን «መርቻለሁ» እንዳለ አልደበቀም። ሲቪውን ያዘጋጀለት ሌላ ሰው ነው። «ኮድ ማጽዳት ብለህ ብትጽፍ ማንም አይጠራህም» ብሎታል። ይህን ሲናገር ፊቱ ቀላ። አልገፋንበትም። የሚያስፈልገንን አግኝተናል፣ ከዚያ በላይ መሄድ ማሸማቀቅ ብቻ ነው።

በነጥብ ስናስቀምጠው በመጀመሪያው ሥራ ሦስታችንም 3 ሰጠነው። በሁለተኛው ሥራ መምራቱን 0፣ ኮድ ማጽዳቱን ግን 2 ሰጠነው።

የተስተካከለው ሲቪ

ሁለተኛው አመልካች ንግግሩ ያምራል። ተከታታይ ቆጠራ ምን እንደሆነ አሳምሮ አስረዳ። ዕቃዎችን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ በደረጃ መመደብ ለምን እንደሚያስፈልግም ተናገረ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ሰምተን ብንወስን እሱን እንቀጥር ነበር።

ከዚያ «እናንተ ጋር የሀ ደረጃ የተሰጣቸው በምን ተለይተው ነው? በሚወጣው ብዛት ወይስ በዋጋ?» ተባለ። «በአሠራሩ መሠረት» አለ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር በዚያው ሰዓት መጀመሪያ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅነው። «ቡድናችን ሪፖርት ያዘጋጃል» አለ። ድጋሚ ይቆጠራል? ያልተመዘገበ የወጪ ሰነድ ይፈለጋል? ሌላ ቦታ ተደርድሮ እንደሆነ ይታያል? ወደዚያ አልደረሰም።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «እኛ» ማለት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ብዙ ሰው «እኔ» ማለትን እንደ ትምክህት ያየዋል። ስለዚህ «የጋራ ሥራ እንደነበር ገብቶናል፣ ከዚያ ውስጥ ለእርስዎ የተሰጠው ክፍል የቱ ነበር?» ብለን በድጋሚ ጠየቅን። ሌላ ምሳሌ እንዲመርጥም ዕድል ሰጠነው። ሁለተኛውም ምሳሌ እንደ መጀመሪያው ሆነ። ጥያቄው ወደ መደርደሪያው በቀረበ ቁጥር መልሱ ወደ ሪፖርቱ ይሸሻል።

አንድ መስመር የጻፈችው

ሦስተኛዋ ስትገባ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። የመጀመሪያ መልሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። በተለመደው አጠያየቅ «ልምዷ አነስተኛ ነው» ተብላ ትወጣ ነበር። አራቱ ጥያቄዎች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ቆጠራ የምታዘጋጀው በመዝገብ ያለውን ብዛት ከቆጣሪዎቹ ሰውራ እንደነበር ነገረችን። ወረቀቱ ላይ ኮድ፣ ስምና ቦታ ብቻ ይታያል። ብዛቱ ከታየ ቆጣሪው ሳይቆጥር ያንኑ ይገለብጣል። ሳይገጥም ሲቀር ሌላ ሰው ድጋሚ ይቆጥራል። አሁንም ካልገጠመ በእጇ ያልተመዘገቡትን ሰነዶች ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ሳይገኝ እንደቀረና «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ እንደፈረመች ጨመረች። አለቃዋ ሌላ ምክንያት እንድትጽፍ ፈልጎ ነበር።

የልዩነቱን መጠን በገንዘብ ስንጠይቃት «ያንን መናገር አልችልም፣ የመሥሪያ ቤቱ ነው» አለች። በመቶኛ ብቻ እንድትነግረን ጠየቅናት፣ ተናገረች። በራሳችን መልእክት ምስጢር አይንገሩን ብለን ስናበቃ በዚህ ነጥብ ብንቀንስባት በደል ነበር።

የተግባር ፈተናው

ከንግግሩ በኋላ ለሦስቱም 30 መስመር ያለው አንድ የኤክሴል ፋይልና 40 ደቂቃ ሰጠን። በውስጡ ገቢ፣ ወጪ፣ የመዝገብ ቀሪና የቆጠራ ውጤት አለ። የማይገጥሙትን መለየትና የሚገመተውን ምክንያት መጻፍ ነው ሥራው። ሦስት ነገር አስቀምጠንበታል። አንዱ የካርቶንና የፍሬ መምታታት ነው። ሌላው ከኮዱ በስተመጨረሻ የተደበቀ ባዶ ቦታ ነው፣ በዚህ ምክንያት `VLOOKUP` የተባለው የኤክሴል መፈለጊያ ፎርሙላ ያንን ዕቃ አያገኘውም፣ `#N/A` ይላል። ሦስተኛው ጠዋት ተቆጥሮ ከሰዓት በኋላ ገቢ የተመዘገበለት ዕቃ ነው። ሰዓቱን ያላየ ሰው ጉድለት ይለዋል።

ሁለተኛው አመልካች `#N/A`ን እንዳየ ትርፍ ባዶ ቦታ የሚያጠፋውን `TRIM` ተጠቅሞ በቅጽበት አስተካከለው። ከሦስቱ ፈጣኑ እሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ የገባውን ዕቃ ግን «የስርቆት ጥርጣሬ» ብሎ ጻፈው። ይህ ቀላል ስህተት አይደለም፣ በእውነተኛ ሥራ ላይ አንድ ንጹሕ ሠራተኛ የሚከሰስበት ነው። የንግግሩ ክፍተት ምን እንደነበር እዚህ ላይ ታየ። ሰውየው ሪፖርት አቀናባሪ ነው፣ ጎበዝ ሪፖርት አቀናባሪ። ቆጠራ ላይ ግን አልነበረም።

አንደኛው የካርቶኑንና የሰዓቱን ጉዳይ ያዘ። ባዶውን ቦታም አገኘው፣ ግን በፎርሙላ ሳይሆን እየገባ በእጁ አጠፋው። «እጅግ የላቀ ችሎታ» የሚለው እዚህ ላይ ወደ «በቂ ችሎታ» ወረደ። ሦስተኛዋ ሦስቱንም አገኘች፣ ሰዓቷ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ።

ያልረዳን

የቀድሞ መሥሪያ ቤቶችን መጠየቅ ብዙም አልጠቀመም። የሰጡን የሥራ መደብና የቆይታ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ለአንድ ነገር በቂ ነው፦ ቀኖቹ ልክ መሆናቸውን ለማወቅ። ማን ምን እንደሠራ ግን አይነግርም።

«ትልቁ ድክመትዎ ምንድን ነው?» የሚለውን የፋይናንስ ኃላፊው ስለወደደው አስገብተነው ነበር። ሦስቱም የተሸመደደ መልስ ሰጡ። ነጥብ ልንሰጥበት የምንችል ምንም አልተገኘም።

በቁጥር መጀመርም ለሁሉም አይሆንም። አንደኛው ማስታወሻ ስለያዘ አለፈው። ሦስተኛዋ ላይ ግን መጀመሪያ ስለ መቶኛ ስንጠይቃት ደንግጣ ዝም አለች። ወደ «በእጅዎ የሠሩት የቱን ነው?» ስንመለስ ተናገረች፣ ቁጥሩንም ኋላ ላይ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ ከሥራው እንጀምራለን፣ መለኪያው ሦስተኛ ላይ ይመጣል።

ውሳኔው

በነጥብ ሦስተኛዋ ቀደመች፣ ቦታውም ለእሷ ተሰጠ። ከባዱ ክርክር የነበረው ስለ አንደኛው ነው። የፋይናንስ ኃላፊው «ባልመራው ነገር መራሁ ብሏል፣ ይህ እምነት ማጉደል ነው» አለ። ቃሉ ክብደት አለው። የእኔ አቋም ግን ሌላ ነበር። የትምህርት ማስረጃ ቢጭበረብር፣ የቆይታ ዘመን ቢቀየር ወይም ጭራሽ ያልነበረበትን ቦታ ቢጽፍ ኖሮ ክርክር አያስፈልገውም። የሠራውን ከፍ አድርጎ ጽፎ፣ ሲጠየቅ ግን ሳይሸሽ ልኩን የተናገረ ሰው ከዚያ ይለያል። ተጠይቆም «መራሁ» እያለ ቢገፋ ኖሮ የፋይናንስ ኃላፊውን እደግፍ ነበር።

በመጨረሻ የመጋዘን ኃላፊዋ ዝቅ ባለ ደረጃ የቆጠራ ባለሙያ አድርጋ ልትወስደው ጠየቀች። ሲቪውን በነገረን ልክ አስተካክሎ እንዲያመጣ ነገርነው። አመጣ። «የዕቃ ኮዶችን ማጽዳትና ማዋሃድ» የሚል መስመር ነበረበት። ሁለተኛው ለቦታው ያልተመረጠበት ምክንያት ተነገረው፣ ለሪፖርት ሥራ ብቁ መሆኑም አብሮ ተነገረው።

ቃለ መጠይቁ ያልነገረንም ነገር ነበር። የተቀጠረችው ሠራተኛ ሥራውን አወቀችው፣ ነገር ግን ሰነድ ሳያመጡ ዕቃ የሚያስጭኑ የሽያጭ ሰዎችን ፊት ለፊት መከልከል ለብዙ ጊዜ ከበዳት። በቀድሞ ቦታዋ እንዲህ ያለ ጫና አልነበረም። የዝርዝር ጥያቄ ሰው ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ ያሳያል። ገጥሞት የማያውቀው ነገር ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግርም። የመጋዘን ኃላፊዋ ይህን ስታይ «ያለ ወጪ ሰነድ ዕቃ አይወጣም» የሚለውን ደንብ በራሷ ፊርማ አውጥታ በሩ ላይ ለጠፈችላት።

ለሌላ ቅጥር የሚሆነው

ይህ አካሄድ ለሌላ ሙያም ይሠራል፣ አንድ ነገር ከተሟላ። ከጠያቂዎቹ መካከል ሥራውን በእጁ የሚያውቅ ሰው ሊኖር ይገባል። ስለ ካርቶኑና ስለ ፍሬው የተነገረውን እኔ ብቻዬን ብሰማው እውነት ይሁን ተረት አልለይም ነበር። የለየችው የመጋዘን ኃላፊዋ ናት። ሙያውን የማያውቅ ጠያቂ ዝርዝር ሲጠይቅ ነጥብ የሚሰጠው ለአነጋገር ማማር ነው፣ ያ ደግሞ ሁለተኛውን አመልካች ያስቀጥራል።

ዝርዝሩም ልክ አለው። ሦስት ዓመት ያለፈውን ሥራ ትክክለኛ ቁጥር መርሳት ተፈጥሯዊ ነው። የማይረሳው ያስቸገረው ነገር ነው። የትኛው ሰነድ ይዘገይ እንደነበር፣ የትኛው ዕቃ ሁልጊዜ ያጣላ እንደነበር፣ ማን ጋር ተሄዶ ይለመን እንደነበር። አመልካቹ ቁጥሩን ከሳተ ወደዚያ መውሰድ ነው። ከዚያም ባዶ ከሆነ ሌላ ምሳሌ እንዲመርጥ ማድረግ፣ ሁለተኛውም ባዶ ከሆነ ነጥቡን ጽፎ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ማለፍ።

ድርጅቱ ከዚያ በኋላ የማመልከቻ ቅጹን ለውጧል። ሲቪ ከማያያዝ በተጨማሪ አመልካቹ አንድ የሠራውን ሥራ በአምስት መስመር እንዲጽፍ ይጠየቃል፦ ምን ሠሩ፣ በምን፣ ድርሻዎ የቱ ነበር፣ ውጤቱ በምን ታወቀ። አንድ መስመር ሲቪ ያላቸው ሰዎች ያለ ማንም ጠበቃ ለቃለ መጠይቅ መድረስ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።